የፖስ ወረቀት ይነበብ፤ ተይዞ መምጣቱ ብቻ አይበቃም

ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ተነስቶ ናጋድ በሚገኘው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የሚወርድ የቁም እንስሳት ነጋዴ ወይም የላኪ ድርጅት ሠራተኛ፣ ከባቡሩ እንደወረደ ወጪው ይጀምራል። ማደሪያ አለ። ዳመርጆግ ኳራንቲን ለገቡት በጎችና ሰንጋዎች የሚጨመር መኖ አለ። የትራንዚተር፣ የጭነት መኪናና የመድኃኒት ሒሳብ ይከተላል። ድሮ ይህ ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ይከፈል ነበር። አሁን ግን ድርጅቶች ለሠራተኛቸው በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ እየሰጡ መላክ ጀምረዋል። ሠራተኛው ይከፍላል፣ ከማሽኑ የወጣችውን ትንሽ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ አገሩ ሲመለስ ለሒሳብ ሹሙ ያስረክባል።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ አለ፣ ነገር ግን የወረቀቱ ቁጥርና ከባንክ የመጣው ሒሳብ አይገጥሙም። ወይም ሁለት ወረቀት አለ፣ የተገዛው ግን አንዴ ብቻ ነው። ወይም ወረቀቱ ጨርሶ ክፍያ ያልተፈጸመበት ሆኖ ይገኛል። በንግዱ የተለመደው ፍርድ ልዩነቱን ከሠራተኛው ደመወዝ መቁረጥ ነው። ይህ ልማድ መቅረት ይኖርበታል። ወረቀቷ ራሷ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትናገራለችና፣ የሚያነብባት ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከወረቀቱ በፊት ስክሪኑ

ክፍያው የሚፈጸመው ወረቀቱ ሲወጣ ሳይሆን የሚስጥር ቁጥሩ ሲገባ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ንባብ በማሽኑ ስክሪን ላይ ይሆናል። ማሽኑ ወደ ከፋዩ ዞሮ፣ ጠቅላላው ገንዘብና የገንዘቡ ዓይነት በግልጽ ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጣት ቁጥሩ ላይ የሚያርፈው። ሻጩ ማሽኑን በእጁ እንደያዘ «ቁጥርህን ብቻ አስገባ» ካለ፣ ከፋዩ ማሽኑን ተቀብሎ ማየት መብቱ ነው። ነውርም ስድብም የለበትም።

ስክሪኑ ላይ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ከቁጥሩ አጠገብ ያሉት ሦስት ፊደላት ናቸው። ለጅቡቲ ፍራንክ `DJF`፣ ለብር `ETB`፣ ለአሜሪካ ዶላር `USD` ይጻፋል። የጅቡቲ ፍራንክ ሳንቲም የለውም። ብር ሁለት የሳንቲም ቤት ይዞ ይጻፋል፣ ፍራንክ ግን ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። በጅቡቲ በፈረንሳይኛው ልማድ ሺህ የሚለየው በባዶ ቦታ ወይም በነጥብ ስለሆነ `18 500` ወይም `18.500` ተብሎ የተጻፈው አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ነው። ከብር ሳንቲም ጋር የለመደ ዓይን «አሥራ ስምንት ተኩል» ብሎ ሊያነብበው ይችላል። በአንጻሩ ማሽኑ በስህተት ለሁለት የሳንቲም ቤት ተዘጋጅቶ `185.00 DJF` ካሳየ፣ በፍራንክ ሳንቲም ስለሌለ ያ ቁጥር ራሱ የስህተት ምልክት ነው። ከመክፈል በፊት ሻጩ እንዲያስተካክል መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው የስክሪን ወጥመድ ምርጫ ይመስላል። አንዳንድ ማሽኖች ካርዱ የውጭ መሆኑን ሲያውቁ ሁለት ገንዘብ ጎን ለጎን ያሳያሉ። አንዱ በአገሩ ፍራንክ፣ ሌላው ካርዱ በተከፈተበት ገንዘብ ነው። ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ምንዛሬውን ለባንኩ ሳይሆን ለሻጩ ማሽን አሳልፎ ይሰጣል፤ ምንዛሬው ላይም ጭማሪ ይኖራል። ጅቡቲ ላይ ይህን ማጣራት ከብዙ አገር ይልቅ ቀላል ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በ177.721 ተቆራኝቶ የተቀመጠ ስለሆነ ዋጋው ሲዋዥቅ አይውልም።

አንድ ስሌት ይታይ። መኖ የተገዛው በ18,500 ፍራንክ ነው፤ ካርዱ የዶላር ሒሳብ ካርድ ነው። 18,500 ለ177.721 ሲካፈል 104.10 ዶላር ይሆናል። ስክሪኑ በሁለተኛው አማራጭ 108.26 ዶላር ካሳየ የተጠቀመው ምንዛሬ 1 ዶላር በ170.88 ፍራንክ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ 4.16 ዶላር፣ ወደ 740 ፍራንክ ገደማ ነው። ባንኩ የራሱን ኮሚሽን ሊጨምር ስለሚችል የፍራንኩ ምርጫ ፍጹም ነጻ ነው አይባልም። ሆኖም የባንኩ ኮሚሽን አስቀድሞ ተጠይቆ የሚታወቅ ነው፣ የማሽኑ ጭማሪ ግን ቆሞ በሚታይበት ደቂቃ ብቻ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ድርጅቶች ለሠራተኛ የሚሰጡት ትእዛዝ አጭር መሆን አለበት። ምርጫ ከመጣ `DJF` ይጫን።

ወረቀቷ መስመር በመስመር

የሚከተለው ለማሳያ የተዘጋጀ የደንበኛ ወረቀት ነው። የቃላቱ አቀማመጥና አጻጻፍ ከባንክ ባንክ ቢለያይም መስመሮቹ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

```
COPIE CLIENT
TID 00012345
MID 000000123456789
VISA DEBIT
AID A0000000031010
************4821
12/03/2025 10:42:17
ACHAT
TOTAL   18 500 DJF
PIN OK
AUTH 073514
RRN 507107000219
APPROUVE
```

የመጀመሪያው መስመር «የደንበኛ ቅጂ» ነው። ሻጩ የሚያስቀምጠው `COPIE COMMERCANT` ይላል። ሠራተኛ በስህተት የሻጩን ይዞ ከመጣ ክፍያው አይሰረዝም፤ ሻጩ ግን የራሱን ማስረጃ አጥቷል፣ እርሱም በኋላ ሊያማርር ይችላል። `TID` የማሽኑ፣ `MID` የሻጩ መለያ ነው። የሱቁ ታፔላ ስምና ባንክ የሚልከው ስም ሳይገጥሙ ሲቀሩ፣ «ይህን ስም አላውቀውም» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው `MID` ነው።

ቀጥሎ የካርዱ ዓይነትና `AID` ይመጣሉ። በ`A000000003` የሚጀምር የቪዛ፣ በ`A000000004` የሚጀምር የማስተርካርድ ነው። ይህ መስመር አንድ ተግባራዊ ነገር ያስተምራል። በካርዱ ላይ ዓለም አቀፍ ምልክት ከሌለና ካርዱ በአገር ውስጥ መረብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሌላ ባንክ ማሽን ላይ በኢትስዊች በኩል ቢሠራም ናጋድ ሲደርስ አይሠራም። ይህን ባቡር ከመሳፈር በፊት ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ከዋክብትና አራት አሃዞች ይመጣሉ። ይህ ብዙ ሰው የሚፈራውና የማይገባው መስመር ነው። የካርዱ ሙሉ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 16 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወይም ስምንት ካርዱን ያወጣውን ባንክ ያመለክታሉ። የመጨረሻው አንድ አሃዝ የሌሎቹን ትክክለኛነት በስሌት የሚያረጋግጥ ነው። የካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደንብ ቢበዛ ባንኩን የሚያመለክቱት የመጀመሪያዎቹ አሃዞችና የመጨረሻዎቹ አራት ብቻ እንዲታዩ ይፈቅዳል፤ የደንበኛ ቅጂ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሩት የመጨረሻዎቹ አራት ናቸው። አሜሪካ በ2003 ያወጣችው ሕግም ሻጭ ለደንበኛ በሚያትመው ወረቀት ላይ ከመጨረሻዎቹ አምስት አሃዞች በላይም ሆነ ካርዱ የሚያበቃበትን ቀን እንዳያወጣ ይከለክላል።

አራቱ አሃዞች ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛ፣ ድርጅቱ ሦስት ካርድ ለሦስት ሠራተኛ ከሰጠ በማን ካርድ እንደተከፈለ ይለያሉ። ሁለተኛ፣ ባንኩ ሲጠየቅ ሒሳቡን ለማግኘት ይረዳሉ። ከዚያ አልፎ በአራቱ አሃዝ ብቻ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ለሒሳብ ሹም ቢላክ ችግር የለበትም። ወረቀቱ የመጀመሪያዎቹን ስድስትና የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ካሳየ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ16ቱ ስድስት ብቻ ናቸው የተደበቁት፤ እነዚያ በአንድ ሚሊዮን ዓይነት ሊደረደሩ ቢችሉም፣ የማረጋገጫው አሃዝ ትክክል ሊሆኑ የሚችሉትን ወደ መቶ ሺህ ያወርዳቸዋል። እንዲህ ያለው ለብዙ ሰው ቡድን አይላክም። ከዚህ ሁሉ በላይ መከልከል ያለበት ግን የካርዱ የራሱ ፎቶ ነው። «ክፍያው እንዲረጋገጥ የካርዱን ፊትና ጀርባ ላክ» የሚል ደላላ ወይም ወኪል ካለ መልሱ እምቢ ነው። ለማረጋገጫ የሚያስፈልገው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ካርዱ ላይ ያለው ደግሞ ለመክፈል እንጂ ለማረጋገጥ አያገለግልም።

ቀኑና ሰዓቱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። `12/03/2025` ቀኑ ቀድሞ ወሩ የሚከተልበት የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ይውላል። ኅዳር 12 ብሎ ያነበበ የሒሳብ ሹም «ያኔ ሠራተኛው ጅቡቲ አልነበረም» ሊል ነው። `10:42` ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው። የጅቡቲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልገውም።

ሁሉንም የሚወስኑት መስመሮች

`ACHAT` ግዢ ማለት ነው። በዚያ ቦታ ሌላ ቃል ካለ ወረቀቱ ሌላ ነገር ነው። `ANNULATION` ስረዛ፣ `REMBOURSEMENT` ተመላሽ ነው። ሆቴል ውስጥ የሚያጋጥመው `PRE-AUTORISATION` ገንዘቡ ተይዞ መቆየቱን እንጂ መከፈሉን አያሳይም። ሆቴሉ ሠራተኛው ሲወጣ ሌላ የመጨረሻ ወረቀት መስጠት አለበት፤ ሁለቱን ደምሮ ለድርጅቱ ማቅረብም ሆነ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ መምጣት ስህተት ነው። `DUPLICATA` የሚል ከተጨመረ ማሽኑ የቀድሞውን ወረቀት ደግሞ አወጣው ማለት ነው፤ አዲስ ክፍያ የለም።

የመጨረሻው መስመር `APPROUVE` ወይም `ACCEPTE` ካለ ባንኩ ፈቅዷል። `REFUSE` ካለ ከልክሏል። `ABANDON` ካለ ጉዳዩ ሳይጠናቀቅ ተቋርጧል። አንዳንድ ማሽን ምክንያቱን በቁጥር ያትማል፤ `51` በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ አለመኖሩን፣ `55` የሚስጥር ቁጥሩ መሳሳቱን፣ `91` ካርዱን ያወጣው ባንክ መልስ አለመስጠቱን ይገልጻሉ። በ`51` ድርጅቱ፣ በ`55` ካርዱን የያዘው ሰው ይጠየቃሉ። `91` ከሆነ ግን ሠራተኛውን መውቀስ ግፍ ነው።

`AUTH` የባንኩ የፈቃድ ቁጥር ነው፤ ፈቃድ የሌለው ወረቀት ይህ መስመር ባዶ ይሆናል። `RRN` ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጥ 12 አሃዝ ያለው መለያ ነው። ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያሉት አሃዞች ትርጉም አላቸው። በምሳሌው `5` የ2025 መጨረሻ አሃዝ፣ `071` የዓመቱ 71ኛ ቀን፣ `07` ደግሞ በግሪንዊች አቆጣጠር ሰዓቱ ነው። መጋቢት 3 ከፈረንጁ ዓመት መጀመሪያ 71ኛው ቀን ነው፤ በግሪንዊች 7 ሰዓት በጅቡቲ 10 ሰዓት ነው። ሁሉም ይገጥማል። ይህ አጻጻፍ በየባንኩ አንድ ላይሆን ስለሚችል አለመግጠሙ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም። ባንክ ግን ክርክር ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ቁጥር ነው።

አንዴ ተገዝቶ ሁለቴ ሲቀነስ

በጣም የሚያጣላው ጉዳይ ይህ ነው። ሠራተኛው መኖ ሊከፍል ካርዱን ያስገባል፣ ቁጥሩን ይመታል፣ ማሽኑ «ቆይ» ይላል፣ ከዚያ ይቋረጣል። `ABANDON` የሚል ወረቀት በ10:40 ይወጣል። ሻጩ እንደገና ይሞክራል፣ በ10:42 `APPROUVE` ይመጣል። ማታ አገር ቤት ያለው ባለቤት የባንክ መልእክት ሲያይ ሁለት ጊዜ ተቀንሷል።

የሆነው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ባንኩ ጋ ደርሷል፣ ባንኩም ገንዘቡን ይዞ «እሺ» ብሏል። መልሱ ግን በመንገድ ጠፍቶ ማሽኑ ጋ አልደረሰም። መልስ ያጣ ማሽን የመሰረዣ መልእክት ይልካል። ያ መልእክት ከደረሰ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቃል፤ ካልደረሰ ባንኩ የመያዣ ጊዜው እስኪያልፍ ወይም ቅሬታ እስኪቀርብለት ይቆያል። ሻጩ ሁለቴ አልተከፈለም፣ ሠራተኛውም አልሰረቀም።

ይህንን የሚያረጋግጠው ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚጥለው የመጀመሪያው ወረቀት ነው። «አልሠራም» ብሎ መሬት ላይ የጣለው ወረቀት ማሽኑ ክፍያውን አለመቀበሉን፣ `AUTH` ባዶ መሆኑን፣ ሰዓቱንና ካለበት `RRN` ይዟል። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ለባንክ ሲቀርቡ ጥያቄው ግልጽ ነው፤ የ10:40ው ይመለስ። በአንጻሩ ሁለቱም ወረቀቶች `APPROUVE` ካሉና `AUTH` እና `RRN` ቁጥሮቻቸው የተለያዩ ከሆኑ፣ ሁለት ክፍያ ተፈጽሟል። ያኔ ከሻጩ `REMBOURSEMENT` የሚል ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። ከቆጣሪው ሳይራቁ ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ ባቡር ጣቢያ ከተመለሱ በኋላ ነገሩ በስልክና በፈረንሳይኛ ይሆናልና። ድንበር የተሻገረ ስልክ የባንክ መልእክት ላይደርሰው ስለሚችል፣ እዚያው ቆሞ ለመለየት ከፋዩ እጅ ያለው ማስረጃ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ወረቀቱ የማይናገረው

የፖስ ወረቀት ምን እንደተገዛ አይናገርም። ስንት እስር ሣር፣ በስንት ዋጋ፣ ለየትኛው መንጋ የሚለው ያለው በሻጩ ደረሰኝ ላይ ነው። ለአገር ቤት ግብርና ለሒሳብ ምርመራ የወጪ ማስረጃ የሚሆነው ያ ደረሰኝ ነው። የካርዱ ወረቀት ብቻውን የሚያሳየው ገንዘብ ከዚህ ካርድ ወደዚያ ሻጭ መሄዱን ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ተያይዘው፣ ጠቅላላ ገንዘባቸው አንድ መሆኑ ተረጋግጦ ነው የሚቀርቡት። የደረሰኙ ገንዘብ ከካርዱ ወረቀት ካነሰ በመካከሉ ያለው ልዩነት ስም ያስፈልገዋል።

ወረቀቱ ዕድሜም የለውም። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ በጅቡቲ ፀሐይ፣ በመኪና ጋቢና ወይም በላብ በራሰ ኪስ ውስጥ ጥቂት ቀን ሲቆይ ይጠቁራል ወይም ይደበዝዛል። የዚያኑ ቀን ፎቶ ያልተነሳ ወረቀት አገር ቤት ሲደርስ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

«ታዲያ ጥሬ ገንዘብ አይሻልም ወይ» የሚሉ አሉ። ለትንሽ ወጪና ካርድ ለማይቀበል ሱቅ ልክ ናቸው። ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ የመኖ ሒሳብ ሲያጣላ የሚዳኘው የሁለት ሰው ቃል ነው። ካርዱ ቢያንስ ሦስተኛ ምስክር አለው። «ሠራተኛው ፈረንሳይኛ አያውቅም» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ከላይ የተዘረዘሩት ቃላት ከአሥር እምብዛም አይበልጡም፤ የከብት ዕድሜ በጥርስ የሚለይ ሰው እነርሱን ለመለየት አይቸገርም።

የሚጠበቀው ከድርጅቶቹ ነው። የሒሳብ ክፍሎች የጅቡቲ ወጪ ሲያወራርዱ በመጀመሪያ አራት መስመር ይመልከቱ፤ የክፍያው ዓይነት፣ ገንዘቡ ከነፊደላቱ፣ የፈቃድ ቁጥሩና የመጨረሻው ቃል። የተቋረጡ ወረቀቶችም ከተሳኩት ጋር እንዲመለሱ ይዘዙ። ባንኩ በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ። ካርድ ሰጥቶ የላከ ባለቤት ካርዱ የሚያወጣውን ወረቀት የማንበብ ግዴታም የእርሱ ነው።